ከኋላው የሚተረተር ዚፕ፦ የአንድ የጀርባ ቦርሳ ጉዳይ

ጥር አጋማሽ ላይ አንዲት ልጅ የጀርባ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ መሥሪያ ቦታዬ መጣች። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከቅዳሜ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ ቦርሳና ሻንጣ እጠግናለሁ። ልጅቷ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳ ግቢ ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፏ በፎገራ በኩል ወዳለው የጣና ዳርቻ እየተመላለሰች የእምቦጭ ናሙና ትሰበስባለች። ቦርሳው ውስጥ ጠርሙሶች፣ ቦት ጫማ፣ እርጥብ ላስቲክና ደብተር ይገባሉ።

"ጋሼ፣ ዚፑ እኮ ይዘጋል" አለችኝ። "ግን እኔ ወደ ፊት ስጎትተው ከኋላ ከኋላዬ ይተረተራል። ሌላ ቦታ ወስጄው ዚፑ ሙሉ በሙሉ ይቀየር አሉኝ።"

ይሄ ምክር ያሳስበኛል። የጀርባ ቦርሳ ዋና ዚፕ ከግራ ታች ተነስቶ፣ በላይ ዞሮ፣ ቀኝ ታች ይወርዳል። እሱን ለመቀየር ገበሩንና የጠርዙን ጥብጣብ መፍታት ግድ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ዋጋውም ያንኑ ያህል ነው፣ ቦርሳውም እንደ ፋብሪካው አይመለስም። ለእኔ ከሚመጡት መሰል ቦርሳዎች ደግሞ የአብዛኞቹ ችግር ዚፑ አይደለም። ችግሩ የዚፑ ራስ ነው፤ ማለትም እየጎተትን የምናንሸራትተው ትንሿ ብረት።

እንዴት እንደሚለይ የዚህችው ልጅ ቦርሳ በደንብ ያሳያል። ዚፑ ሁለት ራስ ነበረው፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ እየመጡ መሐል ላይ የሚገናኙ። ቀኙን ራስ ጎተትኩት። የመጀመሪያውን ስንዝር ደህና ዘጋ። ልክ የቦርሳው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ከኋላው ያለው ጥርስ ተከፈተ፤ ከዚያም እንደ ተቀደደ ጨርቅ ወደ ታች ተተረተረ።

"በየትኛው ነው ሁልጊዜ የምትዘጊው?" አልኳት።

ትንሽ አሰበች። "በቀኙ። ግራው እዚያው ታች ነው የሚቀመጠው።"

ቀኙን ራስ መልሼ ቀኝ ታች፣ ጫፉ ላይ አቆምኩት። ከዚያ ግራውን ራስ ይዤ በላይ አዙሬ፣ ማዕዘኖቹን ሁለቱንም አልፌ፣ እስከ ቀኝ ታች ድረስ ወሰድኩት። ዚፑ ከዳር እስከ ዳር ተዘጋ። ሁለቱን ጨርቆች በሁለት እጄ ይዤ ወደ ጎን ሳብኳቸው። አልተከፈተም። ቀኙ ራስ ያቃተውን ቦታ ግራው ያለ ችግር ዘግቶታል። ስለዚህ ጥርሱ ጤነኛ ነው።

ሁለት ራስ ያለው ቦርሳ ያለው ሰው ይህን ፈተና ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ለጊዜውም መፍትሔ ይሆነዋል፤ የደከመውን ራስ ጫፍ ላይ አቁሞ በደህናው ብቻ እየዘጋ ሥራውን መቀጠል ይችላል። ቦርሳው አንድ ራስ ብቻ ካለው የምናየው የሚከፈትበትን ቦታ ነው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚከፈት ከሆነ ጥፋቱ የዚፑ ራስ ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ግን እዚያ ቦታ ያለው ጥርስ ተጎድቷል ማለት ነው። ማዕዘን ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዚፕ ሲታጠፍ ጥርሱ ስለሚወጠር የደከመ ራስ መጀመሪያ የሚሸነፈው እዚያ ነው። ማዕዘን ላይ ተከፈተ ብሎ ጥርሱን መኮነን አይገባም።

አሁን ለምን እንደሚከፈት ላስረዳ። የዚህ ቦርሳ ጥርስ፣ እንደ ብዙዎቹ ቦርሳዎች፣ ጥቅልል ጥርስ ነው። እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዘ የናይለን ክር በጨርቁ ጠርዝ ላይ ተሰፍቶ ማለት ነው። እያንዳንዱ ጥምዝ ጫፉ ላይ ትንሽ ጎበጥ ይላል። ዚፑ ሲዘጋ የግራው ጉብታ በቀኙ ሁለት ጥምዞች መካከል ይገባና ይቆለፋል። ግን በራሱ ፈቃድ አይገባም፤ ተገፍቶ ነው የሚገባው።

የሚገፋው የዚፑ ራስ ነው። ራሱን ገልብጣችሁ ብታዩት ውስጡ የ"Y" ቅርጽ አለው። ፊት ለፊቱ፣ አፍንጫው እንበለው፣ ሁለት በር ነው፤ መሐሉ ላይ ሁለቱን ጥርሶች የሚለይ ጉጥ አለ። ኋላው፣ ጭራው፣ አንድ በር ነው። ጥርሶቹ በሁለቱ በሮች ገብተው ጠባቡ ጭራ ላይ ይገናኛሉ፤ እዚያም የራሱ ግራና ቀኝ ግድግዳዎች ይጨምቋቸዋል፣ የላይና የታች ከንፈሮቹም ወደ ላይና ወደ ታች እንዳያመልጡ ይይዟቸዋል። ቆለፋው የሚያልቀው ጭራው ጋ ነው።

ታዲያ ጭራው ጋ ከንፈሮቹ ትንሽ ከተከፈቱ፣ ወይም ውስጡ ያለው ግድግዳ ከተበላ፣ ጥርሶቹ ጎን ለጎን ሆነው ያልፋሉ እንጂ እርስ በርስ ጠልቀው አይገቡም። ላይ ላዩን ሲያዩት የተዘጋ ይመስላል። ጉብታው ግን በግማሽ ነው የገባው። ቦርሳው ውስጥ ያለው ዕቃ ትንሽ ሲገፋ ይለቃል፤ አንዱ ከለቀቀ ደግሞ ጎረቤቱ አይቆምም። "ከኋላዬ ይተረተራል" የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው።

በልጅቷ ቦርሳ ላይ ሁለት ነገር ተደርቧል። አንደኛው ደለል ነው። የጣና ዳር ጭቃ ሲነካ ለስላሳ ነው፤ ሲደርቅ ግን ደቃቅ አሸዋውና ዱቄቱ ጥርሱ ውስጥ ይቀራል። የዚፕ ራስ በብዛት የሚሠራው ዋናው ዚንክ ከሆነ ቅይጥ ብረት ነው። ለስላሳ ብረት ነው። ራሱ በተጎተተ ቁጥር ደለሉ እንደ ሞረድ ውስጡን ይሞርደዋል። ናይለኑ ጥርስ ሸርተት፣ ጎንበስ እያለ ያልፋል፤ የሚበላው በአብዛኛው ብረቱ ነው። ሰው "ብረት ከፕላስቲክ ይጠነክራል" ብሎ ስለሚያስብ ይሄን ሲሰማ ይገረማል።

ሁለተኛው ከመጠን በላይ መሙላት ነው። ቦት ጫማው ገብቶ ቦርሳው ሲወጠር፣ ሁለቱ ጨርቆች ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይስቡታል። በዚያ ላይ በጉልበት ሲጎተት ከንፈሮቹ በጥቂት በጥቂቱ ይፈነቀላሉ።

የከንፈሩን መከፈት በዓይን ማየት ይቻላል። ራሱን ከጎን፣ ከዓይናችን ትይዩ አድርገን ስናየው የላይና የታች ከንፈር መሐል ቀጭን ክፍተት አለ፤ ጨርቁ የሚያልፍበት። ክፍተቱ ከአፍንጫ እስከ ጭራ እኩል መሆን አለበት። የቀኙ ራስ ክፍተት ወደ ጭራው ሲሄድ ሰፋ ይል ነበር። ዓይኔን ብቻ አላመንኩም። ያለቀ የሞባይል ካርድ አንድ ጊዜ አጥፌ ከጎን አስገባሁት። ግራው ራስ ላይ ጠበቅ ብሎ ገባ። ቀኙ ላይ ጭራው ጋ ሲደርስ ልቅ ሆነ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀስ ነበር።

መጀመሪያ የሞከርኩት በፒንሳ መጭመቅ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዚፑን አጠብኩት። ቆሻሻ ያለበትን ራስ መጭመቅ ደለሉን እዚያው መቅበር ነው። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙና። ጥርሱን በሁለቱም በኩል ፈተግኩ፣ አጠብኩ፣ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከጥርሱ የወጣው ውኃ ቡና መሰለ።

ከዚያ ራሱን ወደ መነሻው፣ ቀኝ ታች መለስኩት። ፒንሳው ብረቱን እንዳይቧጥጠው ቁራጭ ቆዳ ጣል አደረግሁበት። የራሱን ግራ ጎን፣ ጭራው ጋ ብቻ፣ ከላይና ከታች ይዤ ጫን አልኩት። ከዚያ ቀኝ ጎኑን በዚያው ልክ። አፍንጫውን አልነካሁም፤ እዚያ ከጠበበ ጥርሱ መግባት ያቅተዋል። አንድ ጊዜ ጫን፣ አንድ ጊዜ መሞከር፤ ሥራው ይሄው ነው። ሦስተኛው ላይ ዚፑ ማዕዘኑን አልፎ ዘጋ።

እዚህ ጋ ብዙ ራስ ሲሰበር አይቻለሁ። ሰው አንዴ ሲጭነው ለውጥ ካላየ በሁለተኛው በሙሉ ጉልበቱ ይጨምቃል። ያ ቅይጥ ብረት መታጠፍ ብዙም አይወድም፤ ሳያስጠነቅቅ ቀጭ ይላል። ባይሰበር እንኳ ጨርቁን ነክሶ አልንቀሳቀስ ይላል። ራሱ ድንገት ከባድ ከሆነባችሁ በዝቷል ማለት ነው። ጠፍጣፋ ጠመንጃ መፍቻ ከንፈሩ ውስጥ አስገብቶ ለስለስ አድርጎ ማላቀቅ ይቻላል፤ እሱም ቢሆን ሊሰብረው ይችላል።

ልጅቷ ደስ ብሏት ሄደች። እኔ ግን ነገርኳት፦ "እህቴ፣ ይሄ የሚቆየው ጥቂት ነው። ከተመለሰ ራሱን እንቀይረዋለን።" ይህን ያልኩት የካርዱ ልቅነት ከንፈሩ ብቻ እንዳልሆነ ስለጠረጠርኩ ነው። ከንፈር የተፈነቀለ ራስ በፒንሳ ይድናል፤ ለረጅም ጊዜም ሊቆይ ይችላል። ውስጡ የተበላ ራስ ግን ሲጨመቅ ክፍተቱ ከላይና ከታች ይጠባል እንጂ የግራና የቀኝ ግድግዳው አይመለስም። የተበላ ብረት ከየት ይመጣል?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። ያው ቀኙ ራስ፣ ያው መተርተር።

አሁን የሚያስፈልገው አዲስ ራስ ነው። እዚህ ላይ ስህተት ሠርቻለሁ፣ ለሌላው ይጠቅማልና ልንገራችሁ። የዚፕ ራስ ከጀርባው ቁጥር አለው። የልጅቷ ላይ 8 ይላል። ቁጥሩ የተዘጋውን ጥርስ ስፋት በሚሊ ሜትር በግምት ይከተላል፤ በቦርሳ ላይ በብዛት የምናገኘው 5፣ 8 እና 10 ነው። ከሣጥኔ 8 ቁጥር የሚል ራስ አነሳሁ፣ መልኩም ይመሳሰላል። አስገባሁት። ገና ከመነሻው አልዘጋ አለ። ገልብጬ ሳየው ውስጡ ሰፊና ጥልቅ ነው። ለተነጣጠለ የፕላስቲክ ጥርስ የተሠራ ራስ ነበር፤ ጃኬት ላይ እንደምናየው፣ እያንዳንዱ ጥርስ ለብቻው የሆነው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ለጥቅልል ጥርስ አይሆንም። የብረት ጥርስ ራስም እንዲሁ ለብቻው ነው።

ስለዚህ ራስ ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። አሮጌው ከጠፋ ቦርሳውን ራሱን ውሰዱት። አንድ ተጨማሪ ነገር እዩ፦ ጥቅልሉ በውጭ በኩል ይታያል ወይስ በውስጥ ተደብቋል? በአንዳንድ ቦርሳ ጥቅልሉ በውስጥ ሆኖ በውጭ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው የሚታየው። የእሱ ራስ የሚጎተትበት ማንጠልጠያ በተቃራኒው ጎን ነው። የተለመደውን ብትገዙለት ማንጠልጠያው ቦርሳው ውስጥ ይቀራል። የልጅቷ በውጭ የሚታይ ነበር።

ትክክለኛውን ራስ ካገኘሁ በኋላ ያደረግሁት ይሄ ነው። መጀመሪያ ቦርሳውን በግራው ራስ ሙሉ በሙሉ ዘጋሁት። ተዘግቶ ሳለ በጠመኔ ሦስት ቦታ ላይ ምልክት አደረግሁ፤ እያንዳንዱ መስመር ሁለቱንም ጨርቆች ያቋርጣል። ለምን እንዳደረግሁት ኋላ ይገባችኋል። ከዚያ ግራውን ራስ ወደ ግራ ታች መልሼ ዚፑን በሙሉ ከፈትኩት።

ቀኝ ታች፣ ዚፑ ጠርዙ ውስጥ ገብቶ የተሰፋበትን ቦታ በምላጭ ፈታሁ። አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ክሩን ብቻ ነው መቁረጥ፤ ጨርቁን ምላጩ ከነካው ሌላ ጥገና ይመጣል። የዚፑ ሁለት ጫፎች ነጻ ሲወጡ አሮጌውን ራስ በእነሱ በኩል ጎትቼ አወጣሁት። ጫፎቹ ተበጣጥሰው ስለነበር በመቀስ አስተካከልኳቸው፤ እንዳይተረተሩም በክብሪት ብልጭ አድርጌ ለበለብኳቸው። ናይለን ስለሆነ ቀልጦ ይያያዛል። ከበዛ ግን ይጓጉላል፣ የጓጎለው ደግሞ በራሱ በር አያልፍም።

አዲሱ ራስ የሚገባው በአፍንጫው ነው። አፍንጫው ወደ ዚፑ መሐል፣ ጭራው ወደ ጫፉ ይይ። አንዱን ጫፍ በአንዱ በር፣ ሌላውን በሌላው በር አስገባሁ። ራሱን አንድ እጅ ይዞ ሁለቱን ጫፍ በሌላው ማስገባት ያስቸግራል። ቤት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ሹካ ሁነኛ ረዳት ነው። ሹካውን ጥርሱ ወደ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አጥብቃችሁ ያዙት፣ ራሱን በሹካው ጥርስ ላይ ሰኩት። ራሱ ስለማይንቀሳቀስ ሁለቱም እጃችሁ ነጻ ይሆናል። እኔ ራሱን በትንሽ ማሰሪያ ነው የያዝኩት።

ሁለቱ ጫፎች በጭራው በኩል ሲወጡ አንድ ላይ ይዤ ራሱን ወደ ፊት ገፋሁት። ዘጋ። ደስ አለኝ፣ እስከ ማዕዘኑ ወሰድኩት። ከዚያ የጠመኔውን ምልክት አየሁ። የመጀመሪያው መስመር አልገጠመም፤ አንዱ ጎን ከሌላው በሦስት ጥርስ ያህል ቀድሟል። ሁለቱን ጫፎች እኩል አላስገባሁም ነበር። እንዲህ ቢተው ዚፑ ይዘጋል፣ ግን በሌላኛው ጫፍ አንዱ ጨርቅ ይተርፍና ቦርሳው ይጣመማል። ራሱም እዚያ ሲደርስ ይጨናነቃል። መልሼ አወጣሁትና እንደገና አስገባሁ። በሁለተኛው ሦስቱም መስመሮች ገጠሙ።

ስፌቱን ከመመለሴ በፊት ማቆሚያ ሠራሁ። ድርብ የናይለን ክር በመርፌ ይዤ፣ ከጫፉ አንድ ሳንቲ ሜትር ገባ ብዬ፣ ጥርሱን ከላይ እያቋረጥኩ ዘጠኝ አሥር ጊዜ ያህል አንድ ቦታ ላይ ሰፋሁ። ራሱ ከዚያ አልፎ እንዳይወጣ ነው። ከዚያ ጫፉን ወደ ቦታው መልሼ የፈታሁትን አምስት ሳንቲ ሜትር በስፌት መኪና ሰፋሁት። ጥርሱ ላይ ስደርስ ፔዳሉን ትቼ መዘውሩን በእጄ አዞርኩ። በፔዳል ጥርስ ላይ መሄድ መርፌ ይሰብራል። መኪና የሌለው በእጁ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ አጥብቆ ቢሰፋው ያው ነው።

በመጨረሻ ጥርሱን በሙሉ በነጭ ሻማ ቀባሁት፣ ራሱንም ሁለት ሦስት ጊዜ አመላለስኩት። ዘይት አላደረግሁም። ብዙ ሰው ዚፕ ሲከብደው የምግብ ዘይት ጠብ ያደርግበታል። ለአንድ ቀን ይቀለዋል፤ ከዚያ ዘይቱ አቧራውን ሁሉ ይሰበስብና የሞረዱ ሥራ ይባስ ይፈጥናል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጥርሱ ጤነኛ ሲሆን ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ያመጣልኝን የጉዞ ሻንጣ በዚህ መንገድ ላድነው አልቻልኩም። ጥቅልሉ ሁለት ጣት በሚያህል ቦታ ላይ ከጨርቁ ተነቅሎ ነበር፤ የሰፋው ክር አልቋል። እንደዚያ ሲሆን የትኛውም አዲስ ራስ ቢገባ እዚያ ቦታ ላይ ይለቃል። ጥቅልሉ በእሳት ወይም በጭነት ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ ከሆነም እንዲሁ ነው። ያኔ ዚፑን ሙሉ መቀየር እውነትም ያስፈልጋል።

ልጅቷ ቦርሳዋን ልትወስድ ስትመጣ አሮጌውን ራስ አሳየኋት። በብረት መጋዝ ጎኑን ቆርጬ ከፍቼው ነበር። ጭራው ጋ ያለው የውስጥ ግድግዳ ገብቶ፣ አብረቅርቆ፣ በአንድ በኩል እንደ ምላጭ ስሏል። ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጠው ልዩነቱን ወዲያው አየችው።

"ይሄን ሁሉ የበላው የጣና ጭቃ ነው?" አለች።

"ጭቃውና ውጥረቱ።"

ከዳርቻ ስትመለስ ቦርሳው ሳይደርቅ ዚፑን በንጹሕ ውኃ እንድታጥበው ነገርኳት። ቦርሳው ሲሞላ ደግሞ ራሱን ከመጎተቷ በፊት በሌላኛው እጇ ሁለቱን ጎኖች አቀራርባ እንድትይዝ፤ የዚፑ ራስ ሥራው መዝጋት እንጂ የቦርሳውን ጎኖች ማቀራረብ አይደለም። ሁለቱንም ራሶች እያፈራረቀች እንድትጠቀምም ነገርኳት፤ እንደዚያ ሲሆን መበላቱ ለሁለት ይካፈላል።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ እንደገና ብቅ አለች። ቦርሳው ሙሉ ነበር፣ ዚፑም ዝግ። የመጣችው ለግራው ራስ ነው።

"ጋሼ፣ እሱንም ከመበላሸቱ በፊት ቀይርልኝ።"

የሞባይል ካርዱን አጥፌ ከጎኑ አስገባሁ። ከአፍንጫ እስከ ጭራ ጠበቅ ብሎ ሄደ። ካርዱን እሷም ይዛ እንድትሞክረው ሰጠኋት፣ ራሱንም ሳልነካው ቦርሳዋን መለስኩላት።